ረቂቄን በመምህሬ ሩብሪክ ሳርመው 88 ሆነ፣ መምህሬ ሲያርመው 63፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10)

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ሐዋሳ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ከምንወስዳቸው ኮርሶች አንዱ ሁለት ተርም ፔፐር ያስጽፈናል። መምህራችን ጽሑፎቹ የሚታረሙበትን ሩብሪክ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አባዝቶ ሰጥቶናል። አምስት መስፈርቶች አሉት፤ ዋና ሐሳብ 20፣ ማስረጃ 30፣ ትንተና 30፣ አደረጃጀት 10፣ ቋንቋና የዋቢ አጻጻፍ 10 ነጥብ ይይዛሉ። እያንዳንዱ መስፈርት እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ በሚሉ አራት ደረጃዎች ተከፍሏል፤ በየደረጃው ሥርም ያንን ደረጃ የሚያገኘው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገልጿል።

የመጀመሪያውን ጽሑፌን ከማስረከቤ በፊት በዚሁ ሩብሪክ ራሴን አርሜ ነበር። ለዋና ሐሳብ 18፣ ለማስረጃ 26፣ ለትንተና 26፣ ለአደረጃጀት 9፣ ለቋንቋ 9 ሰጥቼ ድምሩ 88 ሆነልኝ። መምህሩ የሰጠኝ ግን በቅደም ተከተል 14፣ 18፣ 15፣ 8 እና 8፣ በድምሩ 63 ነው። በውጤቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በኅዳጉ ላይ የጻፈልኝን አስተያየት ሳነበው ትክክል መሆኑን አምኛለሁ። ያሳሰበኝ ያንኑ ወረቀት በእጄ ይዤ፣ ያንኑ ሩብሪክ እያነበብኩ፣ እሱ ያየውን አለማየቴ ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ይገባል፤ ረቂቁን ጨርሻለሁ። በዚህኛው ላይ ራሴን በትክክል ለማረም ምን ማድረግ አለብኝ?

ታቦር ሥር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48)

እኔም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኝ ስለነበር የራሴን መፍትሔ ልንገርሽ። ማንም ሰው ለራሱ ሥራ ያደላል፤ ስለዚህ ለራስሽ ከሰጠሽው ድምር ላይ ሁልጊዜ 15 ወይም 20 ነጥብ ቀንሺ። ከዚያ የሚቀረው ውጤት ካላረካሽ ጽሑፉ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ጽሑፉን በጻፍሽበት ቀን አታርሚው፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደርበት። እኔ ማታ የጻፍኩትን ማታውኑ ሳነበው ያልጻፍኩትን ሁሉ አነባለሁ፤ በማግሥቱ ሳየው ግን የጎደለው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

የላብ ሰው (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20)

ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አይመስለኝም። እኛ በኬሚስትሪ የላብራቶሪ ሪፖርት የምንጽፈው በሩብሪክ ነው፤ ከማስረከቤ በፊት አሥር ደቂቃ ወስጄ አርመዋለሁ፤ እስካሁንም ከመምህሩ ውጤት ከሁለት ነጥብ በላይ ተለይቼ አላውቅም። ሠንጠረዡ ርዕስ አለው ወይስ የለውም? መለኪያው ከቁጥሩ ጎን ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? የስህተት ምንጮች ተጠቅሰዋል ወይስ አልተጠቀሱም? ምልክት እያደረግሽ ብትሄጂ በቂ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05)

ልጄ፣ ለረጅም ዓመታት የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁና ከቁጥሮችሽ እንጀምር። በአንቺና በመምህርሽ መካከል ያለው ልዩነት 25 ነጥብ ነው። ይህ ልዩነት ግን በአምስቱ መስፈርቶች ላይ እኩል አልተበተነም። በአደረጃጀትና በቋንቋ የተለያያችሁት በአንድ በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በዋና ሐሳብ በ4፣ በማስረጃ በ8፣ በትንተና በ11። ስለዚህ አንቺ ራስሽን ማረም የማትችይ ሰው አይደለሽም፤ በዓይን የሚታየውን ነገር በትክክል አርመሻል። የሳትሽው፣ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚሠራ መፍረድ የሚጠይቁትን ሁለት መስፈርቶች ነው።

ታቦር ሥር ጽሑፉ እንዲያድር የሰጡት ምክር ትክክለኛ ነው፤ ምክንያቱንም በሚገባ ገልጸውታል። ጸሐፊው ወረቀቱ ላይ የሌለውን ማያያዣ ከራሱ አእምሮ እየሞላ ያነባል። በደፈናው 15 መቀነሱን ግን አልደግፍም። አንቺ 15 ብትቀንሺ ጽሑፍሽ ደካማ መሆኑን ትገምቺያለሽ እንጂ የትኛው አንቀጽ እንደታመመ አታውቂም። ሁሉም ተማሪ ለራሱ ያደላል የሚለውም አይሠራም። ዴቪድ ቡድና ናንሲ ፋልቺኮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ተማሪዎች ለራሳቸው በሚሰጡት ውጤት ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በትምህርታቸው ደከም ያሉት ለራሳቸው አብዝተው፣ ጠንካሮቹ ደግሞ አሳንሰው የመስጠት ዝንባሌ እንዳላቸው ጽፈዋል። ጠንካራው ተማሪ በደፈናው 15 ቢቀንስ ደህና የነበረውን ጽሑፍ ሲያፈርስ ሊያድር ነው።

የላብ ሰው የሚሉትም ለእርስዎ ሪፖርት እውነት ነው፤ የእርስዎ ሩብሪክ የሚጠይቀው አለ ወይስ የለም የሚለውን ነውና። የዚህች ልጅ ሩብሪክ የሚጠይቀው ግን ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚሠራ ነው፤ በዚያ ላይ የአሥር ደቂቃ ምልክት ማድረግ አይበቃም።

የማስረጃውንና የትንተናውን ረድፍ ቃል በቃል፣ ከአዲሱ ረቂቅሽም አንድ አንቀጽ ገልብጠሽ ብትለጥፊልን አብረን እናየዋለን።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማስረጃው ረድፍ እንዲህ ይላል።

እጅግ ጥሩ (26–30)፦ ዋና ሐሳቡን የሚደግፉ ማስረጃዎች ከተለያዩ ዓይነት ምንጮች ቀርበዋል፤ ተዓማኒነታቸውም ተመዝኗል።
ጥሩ (20–25)፦ ዋና ሐሳቡን የሚደግፉ ማስረጃዎች ከተለያዩ ዓይነት ምንጮች ቀርበዋል።
መካከለኛ (13–19)፦ ማስረጃዎች ቀርበዋል፤ ሆኖም በአብዛኛው ከአንድ ዓይነት ምንጭ የተወሰዱ ናቸው ወይም ከዋና ሐሳቡ ጋር ያላቸው ግንኙነት ግልጽ አይደለም።
ዝቅተኛ (0–12)፦ የቀረቡት አባባሎች በአብዛኛው ማስረጃ የላቸውም።

የትንተናውም ነጥብ አከፋፈል ተመሳሳይ ነው። ዝቅተኛው ማስረጃን ይዘረዝራል፤ መካከለኛው ማስረጃን ይገልጻል፣ ለምን ወደ ድምዳሜው እንደሚያደርስ ግን በከፊል ብቻ ያስረዳል፤ ጥሩው ለምን እንደሚያደርስ ያስረዳል፤ እጅግ ጥሩው ከዚህ በተጨማሪ ሌላ ሊኖር የሚችል ማብራሪያን ይመረምራል።

የአዲሱ ጽሑፌ ርዕስ በሐዋሳ ሐይቅ የቆሮሶ ዓሣ ምርት መቀነስና ለውጡ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ላይ ያስከተለው ችግር ነው። ከመካከሉ አንዱ አንቀጽ ይህ ነው።

«የቆሮሶ ምርት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ መጥቷል። በአሞራ ገደል ያነጋገርኳቸው ሦስት ዓሣ አጥማጆች ቀደም ሲል በአንድ ሌሊት ያገኙት የነበረውን ያህል ዓሣ አሁን በሁለት ሌሊትም እንደማያገኙ ገልጸዋል። ይህም ሕገ ወጥ መረብ ለምርቱ መቀነስ ዋነኛ ምክንያት መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ የሚመለከተው አካል አስቸኳይ እርምጃ ሊወስድ ይገባል።»

ለዚህ አንቀጽ በማስረጃ 25፣ በትንተና 24 ሰጥቼዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:15)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፤ ነጥብ ለአንቀጽ አይሰጥም። ሩብሪኩ የሚለካው ጠቅላላውን ጽሑፍ ነው፤ አንቀጾቹ የሚያገለግሉት ለፍርዱ ምስክር ሆነው ነው። ነጥቡ የሚመጣውም በመጨረሻ ነው። አንቺ ቁጥሩን አስቀድመሽ ከወሰንሽ በኋላ የምታነቢው ሁሉ ያንን ቁጥር ለማጽደቅ ይሆናል።

እኔ ተማሪዎቼን ያለማምድ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። ረቂቁን በወረቀት አትሚው፤ በስልክ ላይ እያነበቡ ማረም ዓይንን ያንሸራትታል። ከዚያ አንድ መስፈርት ብቻ ይዘሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ጨርሰሽ ስትመለሺ ሁለተኛውን ያዢ። አምስቱን በአንድ ንባብ ለማየት ከሞከርሽ አንዱ ሌላውን ያጠላበታል። የአንቺ ቋንቋ ንጹሕ ስለሆነ የቋንቋሽ ንጽሕና ለትንተናሽ ነጥብ ሲያስገኝ ያየሁ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ጎረቤታሞቹን ደረጃዎች ጎን ለጎን አድርጊና በመካከላቸው የተለወጠውን ቃል ብቻ አስምሪበት። በማስረጃው ረድፍ ከመካከለኛ ወደ ጥሩ ሲወጣ የተለወጠው «ከአንድ ዓይነት ምንጭ» የሚለው ነው፤ «ከተለያዩ ዓይነት ምንጮች» ሆኗል፤ የግንኙነቱ ጉድለትም ቀርቷል። ከጥሩ ወደ እጅግ ጥሩ ሲወጣ የተጨመረው «ተዓማኒነታቸውም ተመዝኗል» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ረድፉ በሙሉ ወደ ሦስት ጥያቄዎች ይወርዳል፤ ማስረጃው ምን ዓይነት ነው፣ ከዋና ሐሳቡ ጋር ተያይዟል ወይ፣ ተመዝኗል ወይ። የቀረው የዓረፍተ ነገሩ ማጀቢያ ነው።

ከዚያ ከታች ጀምረሽ ውጪ። ከላይ የጀመረ ሰው «ይህማ አለኝ» እያለ እዚያው ይቀራል። ከዝቅተኛው ተነሥተሽ ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመውጣት የሚያበቃሽን ዓረፍተ ነገር በረቂቅሽ ውስጥ ፈልጊና በእርሳስ አስምሪበት፤ በኅዳጉም የመስፈርቱን ስም ጻፊ። የሚሰመርበት ዓረፍተ ነገር ካጣሽ እዚያው ቁሚ። «ሐሳቡ በአጠቃላይ አለ» የሚል ነገር ተቀባይነት የለውም፤ ጣትሽን የምታሳርፊበት መስመር መኖር አለበት።

አሁን አንቀጽሽን እንየው። ማስረጃ አለው? አለው፤ የሦስት ዓሣ አጥማጆች ቃል። ስለዚህ ዝቅተኛ አይደለም። ከተለያየ ዓይነት ምንጭ ነው? በዚህ አንቀጽ ውስጥ አይደለም፤ ሦስቱም ቃለ መጠይቅ ናቸው። ከዋና ሐሳቡ ጋር ተያይዟል? እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ። አጥማጆቹ የተናገሩት ዓሣው መቀነሱን ነው፤ ስለ መረብ አንድም ቃል አልተናገሩም። አንቺ ግን «ይህም ያሳያል» ብለሽ ወደ ሕገ ወጥ መረብ ዘለልሽ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር መካከል ድልድይ የለም፤ አንቺ ያልታየሽ ድልድዩ በአእምሮሽ ውስጥ ስላለ ነው። መምህርሽም በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ 15 የሰጠሽ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

የሚከተሉትን ቃላት በረቂቅሽ ውስጥ ፈልገሽ ክበቢባቸው፦ ስለዚህ፣ ይህም የሚያሳየው፣ በመሆኑም፣ ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው። ለትንተና መስፈርት ከእነዚህ የተሻለ መፈለጊያ አላውቅም። እያንዳንዱን ስትከብቢ ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር ከኋላው ያለውን በእርግጥ ያስከትላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እጅግ ጥሩ ለሚለው ደረጃ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ ይፈለጋል። ዓሣው የቀነሰው አጥማጁ ስለበዛና ያው ዓሣ ለብዙ ሰው ስለተከፋፈለ ሊሆን አይችልም? በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የሚገባው ደለል የዓሣውን መራቢያ ዳርቻ ነክቶት ሊሆን አይችልም? ሐይቁ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ የገባው ደለል ብዙው እዚያው ይቀራል። እነዚህን አንስተሽ ለምን መረቡ እንደሚያመዝን ካላስረዳሽ ወደ 26 የሚያደርስሽ መንገድ የለም።

ጥቁር ውሃ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40)

መምህር የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ያልተነሣ ነገር አለ። መምህሩ ራሱ ሩብሪኩን የማይከተል ከሆነስ? እኔ በተማርኩበት ተቋም የአንድ ኮርስ መምህር ሩብሪክ ከሰጠን በኋላ ወረቀቶቻችን ሲመለሱ ድምር ብቻ ነበር የተጻፈባቸው፤ ለየትኛው መስፈርት ስንት እንደሰጠ ማወቅ አልቻልንም። በኋላ ስንጠይቀው የመረጃ ምንጮቻችን ብዛት እንዳላረካው ነገረን፤ በሩብሪኩ ላይ ግን ብዛት የሚል ቃል አልነበረም። «በቂ»፣ «አግባብ ያለው»፣ «ጥልቅ» የሚሉ ቃላት ልኬታቸው በመምህሩ ልብ ውስጥ ነው። ተማሪው የቱንም ያህል ቢያሰምር የማያየውን ልኬት ሊለካ አይችልም።

ጡረተኛው መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00)

የደረሰብዎ ነገር እንደሚኖር አልክድም፤ እኔም በወጣትነቴ ድምር ብቻ ጽፌ የመለስኳቸው ወረቀቶች ነበሩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። የዚህች ልጅ መምህር ግን በየመስፈርቱ ከፋፍሎ ሰጥቷታል፤ ስለዚህ የልቡን ልኬት የምታነብበት አንድ ሰነድ በእጇ አለ። ያ ሰነድ የታረመው የመጀመሪያ ጽሑፏ ነው። ልጄ፣ አዲሱን ከማረምሽ በፊት አሮጌውን አውጪና መምህርሽ 18 የሰጠው ማስረጃ ምን እንደሚመስል ደጋግመሽ እይው። የእሱ 18 ያ ነው። አዲሱ ረቂቅ ከዚያ የሚበልጠው በምንድን ነው ብለሽ ስትጠይቂ ከባዶ ከመገመት ትድኛለሽ። አንድ ወረቀት ብቻ መሆኑ ጉድለት አለው፤ የ26 መልክ ምን እንደሆነ አያሳይሽም። ፈቃደኛ የሆነና የተሻለ ያገኘ የክፍል ጓደኛ ካለ የእሱን ጠይቂ።

እናት ከአቶቴ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:25)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔም ልጠይቅ። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ይህ ሩብሪክ የምትሉት የፈተናው መልስ ማለት ከሆነ ለተማሪው አስቀድሞ መስጠቱ ተገቢ ነው? ልጄም ለድርሰት ይህን የመሰለ ወረቀት ይዞ መጥቶ ሳይ መልሱን አግኝቶ የመጣ መስሎኝ ተቆጥቼው ነበር።

ታቦር ሥር (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:02)

እትዬ፣ መልስ አይደለም። መምህሩ ድርሰቱን ሲያይ የሚፈልጋቸውን ነገሮች የሚናገር ወረቀት ነው፤ ድርሰቱን የሚጽፈው ያው ልጅዎ ነው። እንዲያውም ሲጽፍ አጠገቡ እንዲያደርገው ቢነግሩት ይጠቅመዋል። እኔም በበኩሌ በደፈናው ቀንሺ ያልኩትን ትቻለሁ፤ መምህር ቁጥሮቹን ሲከፋፍሉት ስህተቴ ገብቶኛል።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:30)

ትናንት ረቂቁን አትሜ እንዳሉኝ አደረግሁ። ለማስረጃና ለትንተና ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደብኝ፤ ባለፈው ግን አምስቱንም የጨረስኩት በሃያ ደቂቃ ነበር።

ከመግቢያውና ከማጠቃለያው ውጪ ዘጠኝ አንቀጾች አሉኝ። ማስረጃ የተሰመረባቸው ሰባቱ ናቸው። ከሰባቱ በአምስቱ ያለው ማስረጃ የዓሣ አጥማጆች ቃል ብቻ ነው። ተዓማኒነቱን የመዘንኩበት አንድም መስመር አላገኘሁም፤ ኅዳጉ ባዶ ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ። «ስለዚህ» እና «ይህም የሚያሳየው» የሚሉትን ስከብብ አሥራ አንድ ሆኑ፤ ከፊታቸው እውነተኛ ምክንያት ያለው አራቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለማስረጃ 16፣ ለትንተና 15፣ ለዋና ሐሳብ 14፣ ለአደረጃጀት 8፣ ለቋንቋ 8 ሰጠሁ፤ ድምሩ 61 ነው። ሰኞ ዕለት ይህንኑ ረቂቅ 85 ይገባዋል ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስደስቶኛል። የመረቡን አንቀጽ ልጠግን ወደ ማስታወሻ ደብተሬ ስመለስ፣ ከአጥማጆቹ ሁለቱ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልወለደውን ትንሽ ቆሮሶ ጭምር እንደሚያወጣ ነግረውኝ ነበር። ጽፌዋለሁ፤ ወደ ረቂቁ ግን አላስገባሁትም፤ በአእምሮዬ ስለነበረ ወረቀቱ ላይ ያለ መስሎኝ ነው። አሁን አንቀጹ እንዲህ ሆኗል።

«ያነጋገርኳቸው ሦስት ዓሣ አጥማጆች ቀደም ሲል በአንድ ሌሊት ያገኙት የነበረውን ያህል ዓሣ አሁን በሁለት ሌሊትም እንደማያገኙ ገልጸዋል። ከእነዚህ ሁለቱ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ያልወለደውን ዓሣ ጭምር እንደሚያወጣ አስረድተዋል፤ ያልወለደ ዓሣ ከወጣ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ሊጠመድ የሚችለው ይቀንሳል። የአጥማጆቹ ቁጥር መጨመሩም የእያንዳንዱን ድርሻ ሊያሳንስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ዓሣ በመጠኑ ባላነሰ ነበር፤ ሦስቱም ግን የእያንዳንዱ ዓሣ መጠን ራሱ ማነሱን ይናገራሉ። አጥማጆቹ በሌሎች አጥማጆች መረብ ላይ ቅሬታ ሊኖራቸው ስለሚችል ቃላቸው በሌላ ምንጭ መረጋገጥ ይኖርበታል።»

ጡረተኛው መምህር (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:20)

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ «ተመዝኗል» የሚለውን ቃል ነክቶታል፤ ኅዳጉ ላይ ስሙን ጻፊበት። ስለ ዓሣው መጠን ያነሣሽው ክርክርም ያስኬዳል፤ ግን አልተዘጋም። ብዙ አጥማጅ አብዝቶ ሲያጠምድም ትልልቁ ዓሣ አስቀድሞ ስለሚያልቅ የሚወጣው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ «ባላነሰ ነበር» የሚለውን አለዝቢው። ሌላ ማብራሪያ መመርመር ማለት ሌላውን የግድ መጣል አይደለም።

አሁን ጊዜሽን አከፋፍዪ። ቋንቋሽ 8 ነው፤ ሙሉ ሌሊት ብትደክሚበት የምታተርፊው ሁለት ነጥብ ነው። ማስረጃው ከ16 ወደ 22 ቢወጣ ስድስት ነጥብ ነው፤ ትንተናውም እንደዚሁ። ተማሪዎች በመጨረሻዎቹ ቀናት ፊደልና ነጠላ ሰረዝ ሲያስተካክሉ የሚያመሹት ቀላሉ ስለሆነ ነው።

ጥቁር ውሃ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:55)

እህቴ፣ ሥራሽ መሻሻሉን አያለሁ። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። የአጥማጆቹ ቃል፣ የዓሣ ሻጮቹ ቃል፣ የታተመ ጽሑፍ፤ ከእነዚህ የትኞቹ «የተለያዩ ዓይነት» እንደሚባሉ ሩብሪኩ አይናገርም። አንቺ አጥማጅና ሻጭን ሁለት ዓይነት ብለሽ 22 ልትሰጪ ትችያለሽ፤ መምህሩ አንድ ዓይነት ብሎ 18 ይሰጣል።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ዓርብ፣ ከቀኑ 9:40)

እርስዎ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት መምህሬን ቢሮው ሄጄ ጠየቅሁት። ረቂቄን እንዲያይልኝ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ዓሣ አጥማጅና ዓሣ ሻጭ ሁለት ዓይነት ምንጭ ናቸው ወይስ አንድ? መልሱ አንድ የሚል ነበር። ሁለቱም ቃለ መጠይቅ ስለሆኑ ከእነሱ በተጨማሪ መዝገብ ወይም የታተመ ጥናት ይፈልጋል። ስለ «ተመዝኗል» ስጠይቀው ግን እንደ ጽሑፉ ይለያያል አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልገፋሁትም።

እውነትም ከጥገናው በኋላ ለማስረጃ 22፣ ለትንተና 21፣ ለዋና ሐሳብ 16፣ ለሌሎቹ 8 እና 8 ሰጥቼ 75 አድርሼው ነበር። በመምህሩ መልስ መሠረት ማስረጃውን ወደ 18 አወረድኩት፤ ድምሩ 71 ሆነ። አንድ የታተመ ጥናት አለኝ፤ የተጠቀምኩበት ግን በመግቢያው ላይ ለሐይቁ መግለጫ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት አሞራ ገደል ሄጄ አጥማጆቹ በማኅበራቸው በኩል የሚመዘግቡት የየዕለቱ ምርት ካለ እንዲያሳዩኝ እለምናለሁ።

ጥቁር ውሃ (ዓርብ፣ ከቀኑ 11:10)

መጠየቅሽ መልካም ነው። ሆኖም ሁሉም መምህር በር አይከፍትም፤ ከሁለቱ ጥያቄዎችሽም የተመለሰልሽ አንዱ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሐሳቤን አልለውጥም።

የላብ ሰው (ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:15)

እኔ ደግሞ የራሴን ሪፖርት ዛሬ አውጥቼ አየሁት። ከመጨረሻዎቹ ረድፎች አንዱ «ውጤቱን ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ያነጻጽራል» ይላል። እስካሁን አለ ብዬ ምልክት የማደርገው ንድፈ ሐሳቡን ስለጠቀስኩ ነበር። ማነጻጸር ግን አላነጻጸርኩም። ነጥብ የሚቀነስብኝም እዚያው ረድፍ ላይ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:30)

ልጄ፣ መዝገቡን ካገኘሽ ቀኖቹ የተሟሉ መሆናቸውን አስቀድመሽ እይ፤ የጎደሉ ወራት ካሉ በጽሑፍሽ ግለጪው፤ ያም መመዘን ነው። ማክሰኞ ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ስታርሚ አዲስ በጨመርሽው አንቀጽ ላይ ብቻ አታተኩሪ፤ አዲስ አንቀጽ ሲገባ የፊተኛውና የኋለኛው ትስስር ይናጋል፤ የአደረጃጀት ነጥብሽ ከ8 ሊወርድ የሚችለው በዚያ ነው።

ከማስረከብሽ በፊት በየመስፈርቱ የሰጠሽውን አምስት ቁጥር፣ ከእያንዳንዱ ጎንም ያሰመርሽበትን አንቀጽ ቁጥር በሌላ ወረቀት ጽፈሽ አስቀምጪ። ድምሩን ብቻ አትጻፊ። መምህርሽ ሲመልስልሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እዚሁ ለጥፊልን።

የሐይቅ ዳር ልጅ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:05)

መዝገቡን አሳይተውኛል። የሁለት ዓመት ነው፤ በመካከሉ የአራት ወር ገጽ የለም። ያለውን በእጄ ገልብጬ አሁን ከሐይቁ ዳር እየተመለስኩ ነው። አምስቱን ቁጥር ማክሰኞ ማታ እጽፋለሁ።